አራተኛ ዲግሪ እኩልታን በመተካት መፍታት፤ ወደ መነሻው የመመለሱ ጥንቃቄ

አራተኛ ዲግሪ እኩልታ የሚባለው ያልታወቀው ቁጥር እስከ አራተኛ ርቢ ድረስ ከፍ ብሎ የሚገኝበት እኩልታ ነው። ሙሉ መልኩ አምስት ክፍሎች አሉት፤ x⁴፣ x³፣ x²፣ x እና ብቻውን የሚቆም ቋሚ ቁጥር። እንዲህ ያለውን እኩልታ በማናቸውም መልኩ ሲመጣ የሚፈታ ዘዴ ጣሊያናዊው ሎዶቪኮ ፌራሪ እ.ኤ.አ. በ1540 አገኘ፤ መምህሩ ጂሮላሞ ካርዳኖ ደግሞ በ1545 «አርስ ማግና» በተባለው መጽሐፉ አሳተመው። የፌራሪ ዘዴ ትክክለኛ ቢሆንም ረጅም ነው። አንዱን አራተኛ ዲግሪ እኩልታ ለመፍታት በመጀመሪያ አንድ የሦስተኛ ዲግሪ እኩልታ መፍታትን ይጠይቃል።

ከእነዚህ እኩልታዎች መካከል ግን ይህን ሁሉ ድካም የማይጠይቅ አንድ ቤተሰብ አለ። በእርሱ ውስጥ x³ እና x አይገኙም፤ የሚቀሩት x⁴፣ x² እና ቋሚው ቁጥር ብቻ ናቸው።

ax⁴ + bx² + c = 0

እዚህ ላይ a ዜሮ ሊሆን አይችልም። x⁴ ማለት x² በራሱ ሲባዛ የሚገኝ ቁጥር ስለሆነ፣ x² በሌላ ፊደል፣ ለምሳሌ በ t ቢጠራ፣ x⁴ የ t ዳግም ርቢ ይሆናል። ያን ጊዜ እኩልታው በትምህርት ቤት ኳድራቲክ ተብሎ የሚታወቀው የሁለተኛ ዲግሪ እኩልታ ሆኖ ይገኛል።

at² + bt + c = 0

ይህን ደግሞ ዘጠነኛ ወይም አሥረኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ ሁሉ በቀመር ይፈታዋል። ሥራው ግን እዚህ አያልቅም። የተጠየቀው x ነው፤ የተገኘው ግን t ነው። ከ t ወደ x የመመለሱ እርምጃ አጭር ቢመስልም ስንት መልስ እንዳለ፣ የትኛው እንደሚያዝና የትኛው እንደሚጣል የሚወሰነው በእርሱ ላይ ነው። ተማሪዎች ነጥብ የሚያጡትም አብዛኛውን ጊዜ በመተካቱ ላይ ሳይሆን በመመለሱ ላይ ነው።

ከሸክላ ጽላት የመጣ ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ1962 በባግዳድ ዳርቻ፣ ቴል ዲባዒ በተባለ የጥንት ፍርስራሽ ውስጥ፣ የሒሳብ ጥያቄ የተጻፈበት አንድ የሸክላ ጽላት ተገኘ። ጽላቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የነበረ የባቢሎን ዘመን ሥራ ነው። ጥያቄው ስለ አንድ ሬክታንግል ነው። ስፋቱ፣ ማለትም በውስጡ የያዘው ቦታ፣ 3/4 ነው። ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ የሚሄደው ሰያፍ መስመር ወይም ዲያጎናል ደግሞ 5/4 ነው። የሬክታንግሉ ሁለት ጎኖች ስንት ስንት ናቸው?

ዛሬ ይህን ጥያቄ በፊደል ለመጻፍ አንዱን ጎን x ማለት ይበቃል። ስፋት የሚገኘው ሁለቱን ጎኖች በማባዛት ስለሆነ፣ ሌላው ጎን 3/4 ለ x ሲካፈል የሚገኘው ይሆናል። በፓይታጎረስ ቲዎረም መሠረት ደግሞ የሁለቱ ጎኖች ዳግም ርቢ ድምር ከዲያጎናሉ ዳግም ርቢ ጋር እኩል ነው። የዲያጎናሉ ዳግም ርቢ 25/16 ነው። ስለዚህ፦

x² + 9/(16x²) = 25/16

ክፍልፋዮቹን ለማጥፋት ሁለቱም ወገን በ 16x² ይባዛሉ። ጎን ዜሮ ስለማይሆን ይህ ማባዛት ምንም ችግር አያመጣም። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ሲሰበሰብ የሚገኘው ይህ ነው፦

16x⁴ − 25x² + 9 = 0

x³ የለም፤ x ብቻውንም የለም። ስለዚህ እኩልታው ከላይ የተባለው ቤተሰብ አባል ነው። አሁን t = x² ተብሎ ይጻፋል። ይህችን መስመር በወረቀቱ ላይ በግልጽ ማስፈር ይጠቅማል፤ መመለስ ሲያስፈልግ መንገዱን የምታሳየው እርሷ ናት። ከተተካ በኋላ፦

16t² − 25t + 9 = 0

በኳድራቲክ ቀመር ውስጥ ከዳግም ዘሩ ምልክት ሥር የሚገባው ቁጥር ዲስክሪሚናንት ይባላል፤ የሚገኘውም የመካከለኛው ኮፊሸንት ዳግም ርቢ ላይ የፊተኛውና የኋለኛው ብዜት አራት እጥፍ ሲቀነስ ነው። እዚህ 25 በራሱ ሲባዛ 625 ነው፤ 4 × 16 × 9 ደግሞ 576 ነው። ልዩነታቸው 49፣ የዚህም ዳግም ዘር 7 ነው። ስለዚህ፦

t = (25 + 7)/32 = 1
t = (25 − 7)/32 = 9/16

ሁለት የ t ዋጋዎች ተገኙ። እዚህ ላይ ቆሞ «መልሱ 1 እና 9/16 ነው» የሚል ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። t የጎኑ ርዝመት ሳይሆን የርዝመቱ ዳግም ርቢ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ t ጥያቄው ተለይቶ መቅረብ አለበት፤ «ዳግም ርቢው ይህን የሚያህል ቁጥር የትኛው ነው?»

x² = 1 ከሆነ፣ x = 1 ወይም x = −1 ነው።
x² = 9/16 ከሆነ፣ x = 3/4 ወይም x = −3/4 ነው።

እኩልታው በራሱ ሲታይ አራት መፍትሔዎች አሉት፤ 1፣ −1፣ 3/4 እና −3/4። አራቱም 16x⁴ − 25x² + 9 ላይ ሲገቡ ዜሮ ይሰጣሉ። የተጠየቀው ግን የሬክታንግል ጎን ነው፤ ርዝመት ደግሞ ኔጋቲቭ አይሆንም። ስለዚህ −1 እና −3/4 ይጣላሉ። የቀሩት 1 እና 3/4 የሁለት የተለያዩ ሬክታንግሎች መልስ አይደሉም። አንዱ ጎን 1 ከሆነ ሌላው 3/4 ነው፤ አንዱ 3/4 ከሆነም ሌላው 1 ነው። ሬክታንግሉ አንድ ነው፤ x የተባለው ረጅሙ ጎን ይሁን አጭሩ አስቀድሞ ስላልተወሰነ እኩልታው ሁለቱንም አወጣ።

የጥንቱ ጸሐፊ ራሱ የሄደው በሌላ መንገድ ነው። ፊደል የሚተካ አልጀብራ በዘመኑ አልነበረም። ከዲያጎናሉ ዳግም ርቢ ላይ የስፋቱን እጥፍ ቀነሰ፤ 25/16 ላይ 3/2 ሲቀነስ 1/16 ይቀራል። ይህ የሁለቱ ጎኖች ልዩነት ዳግም ርቢ ነው፤ ስለዚህ ልዩነታቸው 1/4 ነው። የዚህን ግማሽ፣ 1/8ን፣ በራሱ አባዝቶ ስፋቱን ሲጨምርበት 49/64 አገኘ፤ ዳግም ዘሩም 7/8 ነው። በ7/8 ላይ 1/8 ሲጨመር 1፣ ሲቀነስ ደግሞ 3/4 ይሆናል። በመጨረሻም ከተገኙት ጎኖች ተነሥቶ ዲያጎናሉን መልሶ በማስላት ሥራውን አረጋገጠ። የሁለቱ መንገዶች መልስ አንድ ነው። የመተካቱ ዘዴ የሚበልጠው ለሬክታንግል ብቻ ሳይሆን ax⁴ + bx² + c = 0 የሚል መልክ ላለው ጥያቄ ሁሉ ሳይለወጥ መሥራቱ ነው።

t ራሱ ሳይገኝ ሲቀር

ከላይ ያለው ጥያቄ ጥቂት ቢነካ ታሪኩ ይለወጣል። ዲያጎናሉ እንደነበረ 5/4 ሆኖ፣ ስፋቱ ከ3/4 ወደ 1 ከፍ ይበል። እኩልታው 16x⁴ − 25x² + 16 = 0 ይሆናል። ዲስክሪሚናንቱ 625 − 1024 = −399 ነው። ከኔጋቲቭ ቁጥር በሪል ቁጥሮች ውስጥ ዳግም ዘር ስለማይወጣ፣ t የሚባል ሪል ቁጥር የለም፤ t ከሌለ x አይኖርም።

ይህ የስሌት ስህተት አይደለም። እኩልታው እየተናገረ ያለው እንዲህ ያለ ሬክታንግል ሊኖር እንደማይችል ነው። ዲያጎናላቸው እኩል ከሆኑ ሬክታንግሎች መካከል ትልቁን ስፋት የሚይዘው አራቱም ጎኖቹ እኩል የሆኑት ነው፤ ስፋቱም የዲያጎናሉ ዳግም ርቢ ግማሽ ነው። ዲያጎናሉ 5/4 ከሆነ ይህ ወሰን 25/32፣ ማለትም ከ0.78 ትንሽ የሚበልጥ ነው። 3/4 ከወሰኑ በታች ነው፤ 1 ግን ያልፈዋል። ስፋቱ ልክ 25/32 ቢሆን ዲስክሪሚናንቱ ዜሮ ይሆናል፤ t አንድ ዋጋ ብቻ ይኖረዋል፤ ሁለቱም ጎኖች እኩል ይሆናሉ።

ሲመለሱ የሚገጥሙ ሦስት ነገሮች

t ተገኝቷል እንበል። ወደ x ሲመለስ የሚጠየቀው x² = t ነው፤ መልሱም በ t ምልክት ላይ የተመሠረተ ነው።

t ፖዘቲቭ ከሆነ ሁለት መልስ ይሰጣል፤ አንዱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው የእርሱ ተቃራኒ ነው። t ዜሮ ከሆነ አንድ መልስ ብቻ ይሰጣል፤ እርሱም ዜሮ ነው። t ኔጋቲቭ ከሆነ ግን በሪል ቁጥሮች ውስጥ ምንም መልስ አይሰጥም፤ ማናቸውም ሪል ቁጥር በራሱ ሲባዛ ኔጋቲቭ ስለማይሆን።

ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመጨረሻው ነው። x⁴ − 3x² − 4 = 0 የሚለው ይህን በደንብ ያሳያል። ሲተካ t² − 3t − 4 = 0 ይሆናል፤ t = 4 ወይም t = −1። ሁለቱም የ t እኩልታ ትክክለኛ መፍትሔዎች ናቸው። ሲመለስ ግን ከ4 የሚወጣው x = 2 እና x = −2 ሲሆን፣ ከ −1 የሚወጣ ሪል መልስ የለም። የ −1ን ምልክት ችላ ብሎ x = 1 እና x = −1 የሚጽፍ ሰው ስህተቱን ወዲያው ሊያየው ይችላል፤ 1 በመጀመሪያው እኩልታ ውስጥ ሲገባ 1 − 3 − 4 = −6 ይሆናል እንጂ ዜሮ አይሆንም።

እንግዲህ ይህ ዓይነት እኩልታ ከዜሮ እስከ አራት የሚደርሱ ሪል መፍትሔዎች ሊኖሩት ይችላል። የባቢሎኑ አራት ነበሩት፤ አሁን የታየው ሁለት። x⁴ + 5x² + 4 = 0 አንድም የለውም፤ የ t ዋጋዎቹ −1 እና −4 ናቸውና። ይህን ሳይሰሉም ማየት ይቻላል፤ x⁴ እና 5x² ከዜሮ ስለማያንሱ 4 ሲጨመርባቸው ድምሩ ዜሮ ሊሆን አይችልም። x⁴ − 9x² = 0 ደግሞ ሦስት አለው፤ t ዜሮ ወይም 9 ስለሚሆን x ዜሮ፣ 3 ወይም −3 ነው። በዚህኛው ላይ የተለመደው ጥፋት ሁለቱንም ወገን በ x² ማካፈል ነው። x² ዜሮ ሊሆን የሚችልበት ዕድል እያለ ሲካፈልበት፣ ዜሮ የሆነው መልስ ሳይታይ ከስሌቱ ይጠፋል።

ስንት መልስ እንደሚጠበቅ ቀድሞ ለማወቅ የሚረዳ አንድ አጭር ምልከታም አለ። የሁለቱ የ t ዋጋዎች ብዜት c ለ a ሲካፈል የሚገኘው ነው። a እና c ተቃራኒ ምልክት ካላቸው ብዜቱ ኔጋቲቭ ነው፤ ስለዚህ አንዱ t ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ መሆኑ የግድ ነው። ያኔ የ x ሪል መልሶች ልክ ሁለት ናቸው። በ x⁴ − 3x² − 4 = 0 የሆነው ይኸው ነው።

ቁጥሮቹ ሳያምሩ ሲቀሩ

የመማሪያ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት t እንደ 4 እና 9 ያለ ቁጥር የሚሆንባቸውን ጥያቄዎች ነው። በሌሎች ጥያቄዎች ግን ዳግም ዘር በዳግም ዘር ውስጥ ሊገባ ይችላል። x⁴ − 10x² + 1 = 0 ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሲተካ t² − 10t + 1 = 0፤ ዲስክሪሚናንቱ 96 ነው፤ ስለዚህ t = 5 + 2√6 ወይም t = 5 − 2√6።

በመጀመሪያ የሚጠየቀው ምልክታቸው ነው። √6 ወደ 2.449 ስለሚጠጋ 2√6 ወደ 4.899 ይጠጋል። አንዱ t ወደ 9.899፣ ሌላው ወደ 0.101 ይደርሳል፤ ሁለቱም ፖዘቲቭ ናቸው። ስለዚህ አራት ሪል መልሶች አሉ፤ እነርሱም የ9.899 እና የ0.101 ዳግም ዘሮች፣ በፖዘቲቭም በኔጋቲቭም ምልክት፣ ማለትም ወደ 3.146፣ −3.146፣ 0.318 እና −0.318 የሚጠጉ ቁጥሮች ናቸው።

እነዚህ ቁጥሮች የበለጠ ቀላል ገጽታ አላቸው። √3 + √2 በራሱ ሲባዛ 3 + 2 + 2√6፣ ማለትም 5 + 2√6 ይሆናል። √3 − √2 በራሱ ሲባዛም 5 − 2√6 ነው። ስለዚህ አራቱ መልሶች √3 + √2፣ √3 − √2 እና የሁለቱ ተቃራኒዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ማቃለያ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ሳይገኝ ሲቀር መልሱን በድርብ ዳግም ዘር መተው ስህተት አይደለም። ስህተት የሚሆነው ዳግም ዘር ማውጣት ሲገባ t በራሱ ሲባዛ ነው። x² = t ሲሆን የሚፈለገው የ t ዳግም ዘር እንጂ የ t ዳግም ርቢ አይደለም። በባቢሎኑ ጥያቄ 9/16ን በራሱ አባዝቶ 81/256 የሚያገኝ ሰው መንገዱን ወደ ኋላ ሳይሆን ወደፊት ሄዶበታል።

መልሱን ለመፈተሽ ሁለት ነገሮች ይበቃሉ። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ x መልስ ከሆነ −x ም መልስ ነው፤ ጥንድ ርቢዎች ብቻ ስላሉ ምልክት መለወጡ እኩልታውን አይለውጠውም። ስለዚህ ዜሮ ካልሆነ በቀር ተቃራኒው ያልተገኘለት መልስ ካለ አንድ ነገር ተረስቷል። አራት መልሶች ሲገኙ ደግሞ የአራቱ ብዜት c ለ a ሲካፈል ከሚገኘው ጋር እኩል መሆን አለበት። 1፣ −1፣ 3/4 እና −3/4 ሲባዙ 9/16 ይሆናሉ፤ በእኩልታው ውስጥም 9 ለ 16 ሲካፈል ያው ነው።

የተደበቀው መልክ

አንዳንድ አራተኛ ዲግሪ እኩልታዎች x³ እና x እያላቸውም ወደ ኳድራቲክ ይለወጣሉ። የሚተካው ግን x² ሳይሆን ሰፋ ያለ ነገር ነው። ይህን እንውሰድ፦

x⁴ − 6x³ + 7x² + 6x − 8 = 0

x³ ስላለ t = x² ብሎ መጀመር አያዋጣም። ሆኖም የ x³ ኮፊሸንት ግማሽ −3 ነው፤ x² − 3x በራሱ ሲባዛ x⁴ − 6x³ + 9x² ይሰጣል። ይህ የእኩልታውን የመጀመሪያ ሁለት ክፍሎች ይሸፍናል። 9x² ከ7x² በ2x² ስለሚበልጥ የሚቀረው −2x² + 6x ነው፤ እርሱም −2 በ x² − 3x ሲባዛ የሚገኘው ነው። ስለዚህ እኩልታው እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

(x² − 3x)² − 2(x² − 3x) − 8 = 0

አሁን t = x² − 3x ሲባል t² − 2t − 8 = 0 ይሆናል፤ t = 4 ወይም t = −2።

በዚህ ቦታ ከቀደመው ልምድ ተነሥቶ −2ን ኔጋቲቭ ነው ብሎ መጣል ትልቅ ስህተት ነው። ኔጋቲቭ t የሚጣለው t = x² በነበረበት ጊዜ ነው። እዚህ t የ x² − 3x ስም ነው፤ ይህ ደግሞ እስከ −9/4 ድረስ ሊወርድ ይችላል። −2 ከዚያ በላይ ስለሆነ መልስ አለው። ወደ x የሚመለሰውም ዳግም ዘር በማውጣት ሳይሆን ሁለት ኳድራቲክ እኩልታዎችን በመፍታት ነው።

x² − 3x = 4 ሲሆን x² − 3x − 4 = 0፤ x = 4 ወይም x = −1።
x² − 3x = −2 ሲሆን x² − 3x + 2 = 0፤ x = 1 ወይም x = 2።

መልሶቹ አራት ናቸው፤ −1፣ 1፣ 2 እና 4። ሁሉም በተቃራኒያቸው አልተጣመሩም፤ 2 አለ፣ −2 ግን የለም። ይህ እንደ ቀድሞው የስህተት ምልክት አይደለም፤ እኩልታው ውስጥ x³ እና x ስላሉ ያ ሚዛን እዚህ አይሠራም። መልሶቹ ጥንድ ሆነው የሚቆሙት በ3/2 ዙሪያ ነው፤ −1 እና 4 ከ3/2 እኩል ይርቃሉ፤ 1 እና 2ም እንዲሁ።

ይህ ዘዴ የሚሠራበት ወሰን ግልጽ ነው። ከቀሪው የሚወጣው የ x² እና የ x ክፍል ልክ የ x² − 3x ብዜት መሆን አለበት። ከላይ ባለው እኩልታ 6x በ5x ቢተካ የሚቀረው −2x² + 5x ይሆናል፤ ይህ የ x² − 3x ብዜት ስላልሆነ መተካቱ x ን ሙሉ በሙሉ አያስወግደውም። ከተተካ በኋላ t እና x በአንድ እኩልታ ውስጥ አብረው ከተገኙ የተመረጠው ምትክ አልተስማማም ማለት ነው። ያኔ ሌላ ምትክ መፈለግ ወይም እንደ ፌራሪ ያለውን አጠቃላይ ዘዴ መጠቀም ያስፈልጋል።

ሪል መልስ ከሌለ በኋላ

የ t ዲስክሪሚናንት ኔጋቲቭ ሲሆን በሪል ቁጥሮች ውስጥ ነገሩ አበቃ ተብሏል። ኮምፕሌክስ ቁጥሮች ከተፈቀዱ ግን መልስ አለ፤ ሆኖም በመተካት ከተሄደ ከኮምፕሌክስ ቁጥር ዳግም ዘር ማውጣት ስለሚጠይቅ ሥራው ይከብዳል። እዚህ ላይ ሌላ አካሄድ ይቀላል። x⁴ + x² + 1 = 0 ሲታይ የ t ዲስክሪሚናንት −3 ነው። x² ተጨምሮበት ወዲያው ቢቀነስ ግን (x² + 1)² − x² ይሆናል፤ ይህም የሁለት ቅንፎች ብዜት ነው።

(x² + x + 1)(x² − x + 1) = 0

ሁለቱ ቅንፎች ለየብቻቸው ኳድራቲክ ስለሆኑ በተለመደው ቀመር ይፈታሉ፤ አራት ኮምፕሌክስ መልሶችም ይገኛሉ። ስለዚህ መተካት ሁልጊዜ ይቻላል እንጂ ሁልጊዜ አጭሩ መንገድ አይደለም።

ከአራተኛ ዲግሪ ባሻገር

የመተካቱ ሐሳብ በአራተኛ ርቢ አይቆምም። በ1000 ዓመተ ምሕረት (እ.ኤ.አ.) አካባቢ በባግዳድ የሠራው የሒሳብ ሊቅ አል-ካራጂ፣ አንዱ ርቢ የሌላው እጥፍ የሆነባቸውን እኩልታዎች በዚሁ ስልት ወደ ኳድራቲክ አውርዶ ፈትቷል፤ በዘመኑ ልማድ የሚያዙት ፖዘቲቭ መልሶች ብቻ ነበሩ። ለምሳሌ x⁶ − 9x³ + 8 = 0 ላይ t = x³ ቢባል t² − 9t + 8 = 0 ይሆናል፤ t = 1 ወይም t = 8።

ሲመለስ ግን ነገሩ ከ x² ጋር አንድ አይደለም። x³ = 8 የሚል እኩልታ አንድ ሪል መልስ ብቻ አለው፤ እርሱም 2 ነው። −2 በሦስተኛ ርቢ −8 ስለሚሆን መልስ አይደለም። x³ = 1 የሚለውም ከ1 በቀር ሪል መልስ የለውም። ስለዚህ ይህ ስድስተኛ ዲግሪ እኩልታ ሁለት ሪል መልሶች ብቻ አሉት። t ኔጋቲቭ ቢሆንም እንኳ በዚህኛው አይጣልም፤ x³ = −8 ን x = −2 ይፈታዋልና።

«ሁልጊዜ ± ጻፍ» ወይም «ኔጋቲቩን ሁልጊዜ ጣል» የሚሉ አጭር ሕጎች የሚያሳስቱት ለዚህ ነው። ሁለቱም እውነት የሚሆኑት t እንደ x² ያለ የ x ጥንድ ርቢ ሲሆን ነው። t = x² − 3x ሲሆን ኔጋቲቩም ሊያዝ ይችላል፤ t = x³ ሲሆን ደግሞ ± የሚባል የለም። t ምን እንደሆነ የተጻፈባት መስመር ተነብባ፣ እያንዳንዱ የ t ዋጋ በእርሷ ውስጥ ተመልሶ ገብቶ፣ የተገኘው x በመጀመሪያው እኩልታ ላይ እስኪፈተሽ ድረስ ጥያቄው አልተፈታም።